አሥራ አራተኛው ቀን ላይ ያለችው ፀሐይ

ስልኬ ላይ ያለው የአየር ትንበያ አፕ የአሥራ አምስት ቀን ትንበያ ይሰጠኛል። ነገ 19 ዲግሪ፣ ደመናማ። ከነገ ወዲያ 17 ዲግሪ፣ ዝናብ። እንዲህ እያለ ይወርድና አሥራ አራተኛው ቀን ላይ 22 ዲግሪና አንዲት ቢጫ ፀሐይ ያስቀምጣል። የነገው ቁጥርና የአሥራ አራተኛው ቀን ቁጥር በአንድ ዓይነት ፊደል፣ በአንድ ዓይነት ቀለም ነው የተጻፉት። አንዱ ከሌላው ያነሰ እምነት እንደሚገባው የሚናገር ምንም ነገር የለም። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ቁጥሮቹን የሚያወጡት ሰዎች ልዩነቱን አሳምረው ያውቁታል። በመንገድ ላይ ጠፍቶ ነው ስልኬ ላይ የሚደርሰው።

ታክሲ የሚነዳ አንድ ወዳጄ አለ። ሰማዩን ሲያማርር፣ «ጨረቃ ላይ ሰው ያወጡ ሰዎች የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ይዝነብ አይዝነብ ማወቅ እንዴት ያቅታቸዋል?» ይላል። ጥያቄው የዋዛ አይደለም። በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ የቀለበት ቅርጽ ያለው የፀሐይ ግርዶሽ ታይቷል። ቀኑና ሰዓቱ ከብዙ ዓመታት በፊት ተሰልቶ ተቀምጦ ነበር። የዚያን ዕለት ጠዋት ላሊበላን ደመና ይሸፍናት እንደሆነ ግን ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ማንም መናገር አይችልም ነበር። ጨረቃም ደመናም የሚታዘዙት ለአንድ ዓይነት የፊዚክስ ሕግ ነው። ታዲያ አንዱን በሰከንድ፣ ሌላውን በቀን እንኳ ለመናገር የሚያስቸግረው ምንድን ነው?

ይህን ለመረዳት የአሜሪካን ምሥራቃዊ ዳርቻ ከመታችው ሃሪኬን፣ ማለትም ከባድ የባሕር አውሎ ነፋስ፣ ከሳንዲ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችና ቀኖች በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

በ2012 መኸር ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነበርኩ። ሳንዲ ኦክቶበር 22 ካሪቢያን ባሕር ላይ ስም ወጣላት። ኦክቶበር 25 ኩባን መታች። ከዚያ ወደ ሰሜን ቀጠለች። እዚያ አካባቢ ወደ ሰሜን የሚወጡ ሃሪኬኖች አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ይቀበላቸዋል። ወደ ቀኝ ታጥፈው ውቅያኖስ ላይ ይሞታሉ። ሳንዲ ግን ወደ ግራ ታጠፈች። ኦክቶበር 29 ማታ ኒው ጀርሲ፣ ብሪጋንቲን አጠገብ ወደ የብስ ገባች። የኒው ዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር ዋሻዎች በባሕር ውኃ ተሞሉ። እኛ ጋ ሜትሮ የሚባለው ባቡር ቆመ፤ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ተዘጉ። ከአዲስ አበባ እየተደወለ «ባሕሩ ደረሰባችሁ ወይ?» የምንባልበት ሰሞን ነበር።

ወደ ግራ የታጠፈችው ሁለት ነገሮች ስለተገጣጠሙ ነው። ወደ ግሪንላንድ በኩል አንድ ከፍተኛ የአየር ግፊት ቆሞ የተለመደውን መውጫ ዘግቶ ነበር። ከአሜሪካ ምድር ደግሞ ቀዝቃዛ አየር የያዘ ትልቅ የነፋስ ማዕበል ወደ ምሥራቅ እየመጣ ነበር። ሳንዲ በትክክለኛው ሰዓት በትክክለኛው ቦታ ላይ ሆና ማዕበሉ ያዛትና ወደ ባሕር ዳርቻው ጎተታት። ግማሽ ቀን ብትዘገይ ወይም ብትፈጥን ነገሩ ሌላ መልክ ሊይዝ ይችል ነበር።

የአውሮፓ የመካከለኛ ጊዜ የአየር ትንበያ ማዕከል ሞዴል ይህን ወደ ግራ መታጠፍ አንድ ሳምንት ገደማ ቀደም ብሎ አሳይቶታል። የአሜሪካው ሞዴል ግን አደጋው አራት አምስት ቀን እስኪቀረው ድረስ ሳንዲን ወደ ውቅያኖስ ይልካት ነበር። ሁለቱም የሚሠሩት በአንድ ዓይነት የፊዚክስ ሕግ ነው። የሚያዩት መረጃም በአመዛኙ አንድ ነው። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጥመው።

መጀመሪያ ግን ሞዴሉ ምን እንደሆነ።

ሐሳቡ ያረጀ ነው። ኖርዌያዊው ቪልሄልም ብየርክነስ በ1904 ነገሩን በሁለት መስፈርት አስቀመጠው። አሁን ያለውን የአየር ሁኔታ በበቂ ትክክለኛነት እወቅ፤ አየሩ ከአንድ ሁኔታ ወደ ሌላው የሚለወጥበትን ሕግ እወቅ። ሁለቱ ካሉህ የቀረው ስሌት ነው። ሕጎቹ እንግዳ አይደሉም፤ ትምህርት ቤት የምናውቃቸው ናቸው። አየር ሲገፋ ይፈጥናል፤ ይሄ የኒውተን ነው። የሚገፋውም የግፊት ልዩነት ነው፤ የምድር መሽከርከር ደግሞ መንገዱን ያጣምምበታል። አየር ከምንም አይፈጠርም፣ አይጠፋም። ሲታመቅ ይሞቃል፣ ሲለጠጥ ይቀዘቅዛል። ግፊት፣ ሙቀትና እፍጋት ተያይዘው ይሄዳሉ። ውኃ ከተን ወደ ጠብታ ሲለወጥ ሙቀት ይለቅቃል። ከሞላ ጎደል ይኸው ነው።

ችግሩ እነዚህን ቀመሮች በወረቀት ፈትቶ የነገን አየር የሚሰጥ መልስ ማውጣት አለመቻሉ ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ሰማዩን በትንንሽ ሣጥኖች ይከፋፍለዋል። ዛሬ የአውሮፓው ሞዴል አንድ ሣጥን ወደ ጎን 9 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወደ ላይ 137 ድርብርብ አለው። ዓለሙ በሙሉ ሲቆጠር ወደ 900 ሚሊዮን ሣጥን ይሆናል። በሳንዲ ጊዜ የአንዱ ሣጥን ጎን 16 ኪሎ ሜትር ነበር። እያንዳንዱ ሣጥን ለሙቀት፣ ለግፊት፣ ለነፋስና ለእርጥበት አንዳንድ ቁጥር ይይዛል። ኮምፒውተሩ ጥቂት ደቂቃ ወደፊት ይራመዳል፤ ሁሉንም ቁጥር ይለውጣል፤ እንደገና ይራመዳል።

አንዷን እርምጃ እንያት። ነፋሱ ከምዕራብ በሰከንድ 10 ሜትር ይነፍሳል እንበል። ከእኔ በስተምዕራብ 16 ኪሎ ሜትር ላይ ያለው ሣጥን ከእኔ ሣጥን በ1 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። በ10 ደቂቃ ውስጥ አየሩ 6 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ስለዚህ የእኔ ሣጥን 6 በ16፣ ማለትም ወደ 0.4 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። በዚህ ላይ ፀሐይ የጨመረችው ሙቀት ይደመራል፤ ደመና ሲሠራ የተለቀቀው ይደመራል፤ ወደ ጠፈር የወጣው ይቀነሳል። አዲሱ ሙቀት ግፊቱን ይለውጣል። ግፊቱ ነፋሱን ይለውጣል። በሚቀጥለው እርምጃ የሚነፍሰው አዲሱ ነፋስ ነው። ይህች የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ኋላ ላይ ታስፈልገናለች፤ ነፋሱ ሙቀቱን ይሸከማል፣ ሙቀቱም መልሶ ነፋሱን ይሠራል።

ይህን ስሌት ኮምፒውተር ሳይኖር በእጁ የሞከረ ሰው አለ። እንግሊዛዊው ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ውስጥ የአምቡላንስ ሹፌር ነበር። በትርፍ ጊዜው ሜይ 20 ቀን 1910 መካከለኛው አውሮፓ ላይ የነበረውን አየር ወስዶ የስድስት ሰዓት ትንበያ አሰላ። ውጤቱን በ1922 አሳተመ። ስሌቱ ግፊቱ በስድስት ሰዓት ውስጥ በ145 ሚሊባር ይጨምራል አለ፤ ሚሊባር የአየር ግፊት መለኪያ ነው። የዚያን ዕለት በእውነቱ ግፊቱ ብዙም አልተንቀሳቀሰም። ለንጽጽር ያህል፣ በጣም ኃይለኛ ሃሪኬን መሐል ያለው ግፊት እንኳ ከመደበኛው በ100 ሚሊባር ገደማ ቢያንስ ነው። ስለዚህ የሪቻርድሰን ቁጥር አጉል ብቻ ሳይሆን የማይታሰብ ነበር።

ቀመሮቹ ግን ትክክል ነበሩ። ጥፋቱ ያለው መነሻው ላይ ነው። የተለካው ነፋስና የተለካው ግፊት ለየብቻ ሲታዩ ደህና ናቸው። አንድ ላይ ሲቀመጡ ግን አይስማሙም። በእውነተኛው ሰማይ ነፋስና ግፊት ተመዛዝነው ነው የሚኖሩት። በሪቻርድሰን ወረቀት ላይ ሚዛኑ ጥቂት ተዛባ። ያ ጥቂት መዛባት እንደ ድምፅ ሞገድ ፈጥነው የሚሮጡ የሐሰት ሞገዶችን ወለደ። ከብዙ ዓመታት በኋላ አየርላንዳዊው ፒተር ሊንች ያንኑ መረጃ ወስዶ መጀመሪያ ሚዛኑን አስተካከለ፤ ከዚያም አሰላው። ለውጡ ከ1 ሚሊባር በታች ሆነ።

እንግዲህ ምልከታን ብዙ መሰብሰብ ብቻ አይበቃም ማለት ነው። ምልከታዎቹ እርስ በርስ መስማማት አለባቸው። ዛሬ የትንበያ ማዕከሎች ከኮምፒውተር ጉልበታቸው ትልቅ ድርሻ የሚያጠፉት ወደፊት ከመተንበያቸው በፊት፣ «አሁን» ምን እንደሆነ በማወቅ ላይ ነው።

ምልከታው ከየት ይመጣል? በዓለም ዙሪያ በተመረጡ ጣቢያዎች በቀን ሁለት ጊዜ ፊኛ ይለቀቃል። በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 9 እና ከቀኑ 9 ላይ መሆኑ ነው። ፊኛው ራዲዮሶንድ የሚባል ትንሽ መሣሪያ ተሸክሞ ይወጣል። እስኪፈነዳ ድረስ ሙቀቱን፣ እርጥበቱንና ነፋሱን በሬዲዮ ይልካል። የመንገደኛ አውሮፕላኖችም እየበረሩ ሙቀትና ነፋስ ይልካሉ። በ2020 በኮቪድ ምክንያት በረራ ሲቀንስ ትንበያ ሰጪዎቹ የተጨነቁት ለዚህ ነው። መርከቦችና ባሕር ላይ የሚንሳፈፉ መለኪያዎችም አሉ። ሆኖም ካርታው ላይ ሲታይ ፊኛዎቹ አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ላይ ተጨናንቀው፣ ውቅያኖሶችና አብዛኛው አፍሪካ ባዶ ናቸው። ያንን ባዶ የሚሞላው ሳተላይት ነው።

ሳተላይት ግን ሙቀት አይለካም። ይሄ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ነው። የሚለካው ከታች ያለው አየር የሚለቅቀውን ጨረር ነው። ጨረሩ ደግሞ የአንድ ከፍታ ብቻ አይደለም፤ የወፍራም የአየር ንጣፍ ድምር ነው። ስለዚህ ማዕከሎቹ ነገሩን ይገለብጡታል። ሞዴሉ መጀመሪያ «ሰማዩ እኔ እንደማስበው ከሆነ ሳተላይቱ ይህን ያህል ጨረር ማየት አለበት» ብሎ ያሰላል። ከዚያ ሳተላይቱ በእርግጥ ካየው ጋር ያወዳድራል። ልዩነቱ ሞዴሉ የቱ ጋ እንደተሳሳተ ይጠቁማል።

ማረሙ ደግሞ በመተማመን ልክ ነው። ከስድስት ወይም ከ12 ሰዓት በፊት የወጣው ትንበያ አንድ ቦታ ላይ አሁን 18 ዲግሪ ነው አለ እንበል። መለኪያው 20 አለ። ማንን እንመን? ትንበያው በአማካይ በ1 ዲግሪ፣ መለኪያውም በ1 ዲግሪ የሚሳሳቱ ከሆነ መሐሉን፣ 19ን እንወስዳለን። መለኪያው በ2 ዲግሪ የሚሳሳት ዓይነት ከሆነ ግን ክብደቱ ወደ አንድ አምስተኛ ይወርዳል። መልሱ 18.4 ይሆናል። ይህ በአንድ ነጥብ ላይ ነው። ማዕከሉ ይህንኑ በሚሊዮኖች በሚቆጠሩ ምልከታዎች ላይ በአንድ ጊዜ ያደርገዋል። በዚያ ላይ ውጤቱ የፊዚክስ ሕጉን እንዲያከብርና የሪቻርድሰን ዓይነት መዛባት እንዳይኖርበት ይጠበቃል። የአውሮፓው ማዕከል ከ1997 ጀምሮ የሰዓታት ምልከታን አንድ ላይ ይዞ ይሠራል። «በእነዚህ ሰዓታት የተለካውን ሁሉ በተቻለ መጠን የሚያስረዳ የመነሻ ሁኔታ የትኛው ነው?» ብሎ ወደ ኋላ ይፈልጋል።

ከሳንዲ በኋላ ማዕከሉ ደስ የሚል ሙከራ አደረገ። አንዳንድ ሳተላይቶችን እንደሌሉ ቆጥሮ ትንበያውን እንደገና አሰላው። ከምድር ወገብ በላይ አንድ ቦታ ላይ ቆመው የሚታዩትን ሳተላይቶች ሲያወጣ ብዙም አልተበላሸም፤ ሰዓቱ ትንሽ ተዛነፈ እንጂ ሳንዲ መምጣቷን አልቀረችም። ከዋልታ ወደ ዋልታ የሚዞሩትን ሲያወጣ ግን አራትና አምስት ቀን ቀደም ብሎ የወጣው ትንበያ ጥቅም አልባ ሆነ። ሳንዲ ከኒው ጀርሲ ርቃ ባሕር ላይ ቆይታ፣ ከአንድ ቀን በኋላ ራቅ ብላ በስተሰሜን ባለችው ሜይን ግዛት ላይ የምትወጣ ሆነች። እነዚያ ሳተላይቶች በዚያን ጊዜ ወደ ሞዴሉ ከሚገባው ምልከታ 90 በመቶ ያህሉን ይሰጡ ነበር።

ታዲያ የአሜሪካው ሞዴል እነዚያን ሳተላይቶች እያየ ለምን ዘገየ? ያኔ ብዙ ሰው የአሜሪካኖቹ ኮምፒውተር ደካማ ስለሆነ ነው አለ። ኮንግረስም ከሳንዲ በኋላ ለኮምፒውተር ገንዘብ ጨመረ። ጭማሪው አስፈላጊ ነበር፤ አልከራከርም። በ2014 የታተመ አንድ ጥናት ግን ጣቱን ሌላ ቦታ ላይ አሳረፈ። ልዩነቱ በዋናነት የመጣው ከሣጥኑ መጠንም ከመነሻው መረጃም አይደለም፤ ሁለቱ ሞዴሎች ነጎድጓዳማ ደመናን ከሚወክሉበት መንገድ ነው አለ።

ይህ እንዴት ይሆናል? አንድ የነጎድጓድ ደመና ወደ ላይ የሚነሳበት አምድ ስፋቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው። ሣጥኑ 16 ኪሎ ሜትር ከሆነ ደመናው ከሣጥኑ ያንሳል። ሞዴሉ ሊያየው አይችልም። ስለዚህ ቀመር አውጪዎቹ ደንብ ይሰጡታል፤ «በሣጥኑ ውስጥ ታች ያለው አየር ይህን ያህል ሞቃትና እርጥብ ከሆነ፣ ይህን ያህል ደመና ይነሳል፣ ይህን ያህል ሙቀት ወደ ላይ ይጓጓዛል»። ይህ ደንብ ከመጀመሪያው ሕግ የተገኘ አይደለም። ከልምድ፣ ከልኬትና ከግምት የተሠራ ነው። ሃሪኬን ደግሞ የነዚህ ደመናዎች ክምችት ነው። ደንቡ ሙቀቱን ትንሽ ለየት ባለ ከፍታ ላይ ካስቀመጠው በሳንዲ ዙሪያ ያለው ነፋስ ትንሽ ይለወጣል። ያ ደግሞ ሳንዲና ቀዝቃዛው ማዕበል የሚገናኙበትን ሁኔታ ይለውጣል። በመጨረሻ በኒው ጀርሲና በሰሜን አትላንቲክ መካከል ያለውን ልዩነት ያህል ይሆናል። ነፋሱ ሙቀቱን ይሸከማል፣ ሙቀቱም መልሶ ነፋሱን ይሠራል ያልኩት ይሄንኑ ነው።

እስካሁን ያለው ሁሉ «ብናሻሽለው ይሻላል» የሚያሰኝ ነው። ደግሞም ተሻሽሏል። ባለፉት አሥርተ ዓመታት ትንበያ በየአሥር ዓመቱ በአንድ ቀን ያህል ተራዝሟል። የዛሬው የአምስት ቀን ትንበያ ከአሥር ዓመት በፊት የነበረውን የአራት ቀን ያህል ጥሩ ነው ማለት ነው። እንዲህ እየሄደ ወር ይደርሳል ብሎ የሚያስብ አለ። አይደርስም።

የአየር ሳይንቲስቱ ኤድዋርድ ሎሬንዝ በ1961 ማሳቹሴትስ ውስጥ በ12 ቀመር ብቻ የሚሠራ የውሸት አየር ኮምፒውተር ላይ ነበረው። አንድ ቀን አንዱን ስሌት ረዘም አድርጎ ማየት ፈለገ። ከመጀመሪያው ከመነሳት ይልቅ መሐል ላይ የታተሙትን ቁጥሮች ወስዶ አስገባ። ቡና ሊጠጣ ወጣ። ሲመለስ የማሽኑ አየር ከቀድሞው ጋር ጭራሽ አይመሳሰልም። መጀመሪያ አንዱ የማሽኑ ክፍል የተቃጠለ መስሎት ነበር። ከዚያ ገባው። ማሽኑ በሆዱ ስድስት አሐዝ ይይዛል፤ ወረቀቱ ላይ የሚያትመው ሦስቱን ብቻ ነው። የተቆረጡት አሐዞች የፈጠሩት ስሕተት በማሽኑ አየር በየአራት ቀኑ ገደማ እጥፍ እየሆነ አድጎ ሁሉንም ነገር ዋጠው።

በእውነተኛው ሰማይ እጥፍ መሆኑ ይፈጥናል። በትልልቅ የአየር ሥርዓቶች ላይ ሁለት ቀን ገደማ ነው እንበል። ሒሳቡ ቀላል ነው። ዛሬ መነሻው ላይ 0.3 ዲግሪ ተሳስተናል። በ2ኛው ቀን 0.6፣ በ4ኛው 1.2፣ በ6ኛው 2.4፣ በ8ኛው 4.8 ዲግሪ ይሆናል። 5 ዲግሪ ስሕተት ማለት ብዙ ቦታ ላይ የዚያን ወር አማካይ ብቻ ከሚናገር ሰው አለመሻል ማለት ነው። አሁን በብዙ ወጪ ሳተላይት ጨምረን መነሻውን በግማሽ አሻሻልነው እንበል፤ 0.15። ምን አተረፍን? ሁለት ቀን። እንደገና በግማሽ ብናሻሽለው ሌላ ሁለት ቀን።

ይህ ብቻ ቢሆን ቀስ እያልን በየሁለት ቀኑ ወደፊት እንሄድ ነበር። ሎሬንዝ በ1969 ያሳየው ግን ከዚህ የከፋ ነው። ስሕተት በትንንሽ ነገሮች ላይ የሚያድገው ይበልጥ በፍጥነት ነው። የአንድ ደመና ቅርጽ ላይ ያለ ስሕተት እጥፍ ለመሆን ሰዓታት ወይም ከዚያም ያነሰ ይበቃዋል። ደመናው ተሳስቶ ካለቀ በኋላ ስሕተቱ አይቆምም። በአካባቢው ወዳለው የነጎድጓድ ቡድን ያልፋል፤ ከዚያ ወደ አውራጃው፣ ከዚያ ወደ አህጉሩ ማዕበል። ስለዚህ መለኪያችንን በጣም ብናረቅቀው፣ ኪሎ ሜትር የሚያህለውን ትተን መቶ ሜትር የሚያህለውን ብንይዝ፣ የምናተርፈው ያ የትንሹ ነገር ስሕተት ለማደግ የሚወስድበትን ጊዜ ብቻ ነው። ያ ደግሞ ቀን ሳይሆን ደቂቃና ሰዓት ነው። ትርፉ በየደረጃው እያነሰ ይሄዳል። ድምሩም አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። ሎሬንዝም ከእሱ በኋላ በትልልቅ ሞዴሎች የሞከሩትም በሐሩር ክልልና በዋልታዎች መካከል ላለው የዓለም ክፍል የየዕለቱ አየር ጣሪያው ሁለት ሳምንት አካባቢ ነው ይላሉ። ዛሬ በተግባር የምንደርሰው ከዚያ በታች ነው።

ለወዳጄ ጥያቄ መልሱ እዚህ ላይ ነው። የጨረቃን ቦታ ዛሬ በጥቂት ብንሳሳት ነገም የምንሳሳተው በዚያው በጥቂት ነው። በሰው ዕድሜ ስሕተቱ የትም አይደርስም። አየር ግን ስሕተቱን ራሱ ያሳድገዋል።

ከ1992 ጀምሮ ማዕከሎቹ ይህን ተቀብለው ነው የሚሠሩት። አንድ ትንበያ ብቻ አያወጡም። የአውሮፓው ማዕከል 51 ያወጣል። አንዱ ከተሻለው መነሻ ይነሳል። ሃምሳዎቹ ደግሞ ሆን ተብሎ መነሻቸው በመለኪያ ስሕተት ልክ ነካ ነካ ይደረጋል። የደመና ደንቦቹም ትንሽ ይነካካሉ። ከዚያ ሁሉም ይለቀቃሉ። በሳንዲ ሳምንት ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ወደ ግራ ሲታጠፉ ሌሎቹ ወደ ባሕር ይሄዱ ነበር። ቀኑ ሲቀርብ መስመሮቹ እየተሰበሰቡ መጡ። ትንበያ ሰጪ ሲያየው ዋናው ነገር ይህ መሰብሰብና መበተን ነው። አንዳንድ ሳምንት መስመሮቹ እስከ አሥረኛው ቀን አብረው ይጓዛሉ። አንዳንድ ሳምንት በአራተኛው ቀን ይበታተናሉ። ስለዚህ «ትንበያ እስከ ስንት ቀን ይታመናል?» የሚለው ጥያቄ አንድ መልስ የለውም። እንደ ሰማዩ ነው።

በአሥራ አራተኛው ቀን ግን 51ዱ ብዙውን ጊዜ በየአቅጣጫው ሄደዋል። አንዱ ዝናብ፣ አንዱ ፀሐይ፣ አንዱ ብርድ። አማካያቸው ሲወሰድ የዚያ ወቅት የብዙ ዓመት አማካይ ይወጣል። አንዳንድ አፕ ይህን አማካይ ያሳያል። አንዳንዱ ደግሞ ከአንድ ስሌት የወጣውን እንዳለ ይለጥፈዋል። የኋለኛውን ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። የአሥራ ሁለተኛውን ቀን ትንበያ ዛሬ እየው፣ ማታ እየው፣ ነገ እየው። 15 ዲግሪና ዝናብ የነበረው 24 ዲግሪና ፀሐይ ከሆነ፣ ነገ ደግሞ ወደ ዝናብ ከተመለሰ፣ የምታየው ከ51ዱ የአንዱን መንገድ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ስለ አሜሪካና አውሮፓ ሰማይ ነው። አዲስ አበባ ሲደርስ ነገሩ ይከብዳል። በክረምት ከሰዓት በኋላ የሚወርደው ዝናብ ከሩቅ በሚመጣ ትልቅ ማዕበል የሚነዳ አይደለም። ጠዋት ፀሐይ መሬቱን ታሞቃለች፣ እርጥቡ አየር ተራራውን ተደግፎ ይነሳል፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያንጎደጉዳል። ከእንጦጦ እስከ አቃቂ ከተማዋ በሞዴሉ ላይ ሁለት ሦስት ሣጥን ብትሆን ነው። እንጦጦ ራሱ በሣጥኑ አማካይ ውስጥ ተስተካክሎ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ፒያሳ በረዶ ሲወርድ ቦሌ ደረቅ መሆኑን ሞዴሉ ሊያየው አይችልም፤ የደመናው ደንብ ነው የሚገምትለት። በሰሜናዊው የአፍሪካ የሐሩር ክልል የዓለም ሞዴሎች የሚሰጡት የየዕለቱ የዝናብ ትንበያ፣ ሳይታረም እንዳለ ሲወሰድ፣ ከብዙ ዓመት አማካይ ብዙም እንደማይሻል የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። ስልኬ አዲስ አበባ ለነገ «60 በመቶ ዝናብ» ሲል በነሐሴ ምንም እንዳልነገረኝ ነው የምቆጥረው።

በተቃራኒው ለጥር ሠርግ የሚደግስ ሰው ሞዴል አያስፈልገውም። በዚያ ወቅት አዲስ አበባ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው። ሦስት ወር ቀድሞ «አይዘንብም» ቢል አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው። የብዙ ዓመት አማካይ አንዳንድ ቦታ ላይ እንዲህ ጠንካራ ነው።

እዚህ ላይ ወዳጄ አንድ ጥሩ ወጥመድ አስቀምጦልኛል። «ታዲያ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ገና በግንቦት ስለ ክረምቱ ዝናብ እንዴት ያወራል? ሁለት ሳምንት አይቻልም ካልክ ሦስት ወር እንዴት ተቻለ?» አለኝ። መልሱ የሚጠየቀው ጥያቄ ሌላ ስለሆነ ነው። የክረምት ትንበያ ሐምሌ 20 ይዘንባል አይልም። የወቅቱ ድምር ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ ወይም ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉን በመቶኛ ይሰጣል። ምንም መረጃ ባይኖር ሦስቱም ወደ 33 በመቶ ይሆኑ ነበር። መረጃው የሚመጣው ከባሕር ነው። የውቅያኖስ ውኃ እንደ አየር በየሁለት ቀኑ አይገለባበጥም፤ ለወራት ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። የፓሲፊክ ውቅያኖስ ወገብ ሲሞቅ፣ ማለትም ኤልኒኞ ሲሆን፣ የሰሜንና የመካከለኛው ኢትዮጵያ ክረምት ወደ ድርቅ ያዘነብላል። በ2015 የሆነው ይህ ነው። ስለዚህ «ከመደበኛ በታች» የሚለው ከ33 ወደ 45 ወይም ወደ 50 ሊወጣ ይችላል። ያ ማለት ደግሞ በግማሹ ወይም ከዚያ በሚበልጠው ጊዜ ሌላ ነገር ይሆናል ማለት ነው። ጤፍ መቼ ልዝራ ለሚል ገበሬ የሚያስፈልገው ግን የመጀመሪያው ዝናብ የሚጀምርበት ሳምንት፣ ከዚያም መሐል ላይ የሚመጣው ደረቅ አሥር ቀን ነው። እሱ ደግሞ ከባሕሩ ሙቀት አይነበብም፤ ከ51ዱ ስሌት ነው የሚጠበቀው፣ ያውም ቀኑ ሲቀርብ።